ሮብሌ ያልከፈተው እጅ

ሮብሌ ሐርጌሳ ወዳለው የአካል ድጋፍ ማዕከላችን የመጣው ሰው ሠራሽ እጅ ፈልጎ አልነበረም። የሌለው እጁ እያመመው ነበር። በቡራኦ መንገድ ፍየል ሲነግድ ፈንጂ ግራ እጁን ከክርኑ በላይ ቆርጦታል። ያው ፈንጂ ልጁን ሂባቅን ገድሏል።

"ጣቶቼ እንደተጨበጡ ናቸው፤ ጥፍሬ መዳፌን ይወጋኛል" አለኝ።

"አሁንም?"

"አሁንም፣ ካንቺ ጋር እያወራሁ።"

ሚስቱ ዳሃቦ ሻርፗን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ሰፈሩ ሁሉ ጂኒ ነው ይላል። ሼኩም ቁርአን ቀሩበት፣ አልለቀቀውም። አንቺ ደግሞ አብዷል በይና እንገላገል።"

"አላበዱም" አልኳት።

ዓይኑን እንዲጨፍን ጠይቄው በጥጥ ነካካሁት። ደረቱን ስነካው "ደረቴ" አለ፤ ግንባሩን ስነካው "ግንባሬ"። ግራ ጉንጩ ላይ ስደርስ ግን ፊቱን ወደ ጥጡ አዘነበለ።

"ጉንጬን ነካሽኝ" አለ፣ "አውራ ጣቴንም።"

ጥጡን ወደ መንጋጭላው ሳወርደው ትንሿ ጣቱ እንደተነካች ነገረኝ። ዳሃቦ ወንበሯን አስጠግታ የባሏን ፊት እንደ አዲስ አየችው።

በራሴ ላይ እያሳየሁ ነገርኳቸው። አንጎል ላይ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እንደ ፀጉር ማሰሪያ በተዘረጋ ቦታ፣ መላ ሰውነታችን ተሰድሯል፤ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ በኩል። እግር ከላይ አናት ላይ ነው፤ እጅ ወደ ጎን ወረድ ይላል፤ ፊት ከእጅ ሥር ጎረቤት ነው። እጁ ቢቆረጥም ቦታው አልጠፋም። ከጉንጭ የሚመጣው ስሜት ወደ ጎረቤቱ ሲሻገር፣ አንጎል እጅ የተነካ ይመስለዋል።

"ጭብጡስ?" አለ ሮብሌ።

"ከፊት ለፊቱ ደግሞ ትእዛዝ የሚሰጥ ተመሳሳይ ቦታ አለ። 'ጨብጥ' ይላል። ደህና እጅ ቢሆን 'ጨበጥኩ፣ ይበቃል' ብሎ ይመልስለት ነበር። የእርስዎ መልስ የሚሰጥ የለውም። ሕመሙም ከዚያ የሚመጣ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ እጁ የመጨረሻ ሥራውን እንደያዘ ይቀራል። ፈንጂው ሲፈነዳ እጅዎ ምን ይዞ ነበር?"

መሬት መሬት አየ። "ሂባቅን።"

ዳሃቦ ቀስ ብላ ዞረች። "ቀድማኝ ሮጠች ነበር ያልከኝ።"

"አልሮጠችም። እጇን ይዣት ነበር። ከእኔ ጋር እየሄደች ነው ፈንጂውን የረገጠችው።"

ዳሃቦ አላለቀሰችም። ተነስታ ወጣች፤ በመስኮት ሳያት ግቢው ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች። እሱም አልተከተላትም።

በሳምንቱ አብረው መጡ። ጠረጴዛው ላይ መስታወት አቁሜ የግራ እጁን ጉቶ ከመስታወቱ ጀርባ አደረግሁ፤ ቀኝ እጁን ከመስታወቱ ፊት አስቀመጠ። የቀኝ እጁ ምስል ግራው ባለበት ቦታ ይታይ ነበር።

"መስታወት የሙሽራ ዕቃ ነው። እኔን ማን ሊያገባኝ ነው?" አለ።

"ዝም ብለህ የምትልህን አድርግ" አለች ዳሃቦ።

"ሁለቱንም ይጨብጡ። አሁን ሁለቱንም እኩል ይክፈቱ፤ ዓይንዎ ከመስታወቱ አይነሳ።"

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ደጋግሞ ሞከረ፤ ላቡ ወረደ። ከዚያ ትከሻው ላላ፤ ትንፋሹ ረዘመ።

"ተከፈተ" አለ። "ሕመሙ ሄደ። ወይ ጌታዬ፣ ሄደ።"

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዳሃቦ ግን ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብላ ባዶውን መዳፍ ስታይ ቆየች።

"እሷስ?" አለችው።

ሮብሌ መስታወቱ ውስጥ ያለውን እጅ አየ። "የለችም" አለ። ወዲያው ቀኝ እጁን ሰበሰበ፤ ፊቱ ሲጨማደድ ጭብጡ እንደተመለሰ አወቅሁ። መስታወቱን በክርኑ ገፋው።

"ጋሽ ሮብሌ፣ ቤትዎ በየቀኑ ቢለማመዱት እኮ..."

"ገብቶኛል፣ ልጄ። ያንቺ ሥራ ደህና ነው።"

ከዚያ በኋላ አልመጡም። ቤታቸው ሄጄ መስታወት ልስጣቸው ብል ዳሃቦ በር ላይ ተቀበለችኝ። ውስጥ ሮብሌ ግድግዳ ተደግፎ ጉቶውን አቅፏል። ሻይ ሰጠችኝና ከባሏ ጎን ተቀመጠች፤ እያወራን ሳለን መዳፏን ግራ ጉንጩ ላይ አሳረፈች።

"መዳፍህ እዚህ ነው?" አለችው።

"ትንሽ ዝቅ በይ።"

ያመጣሁትን መስታወት ይዤ ተመለስኩ።

ሮብሌን ዳግም ያየሁት ዝናቡ መጥቶ ካለፈ በኋላ፣ ጉቶው ቆስሎ ብቻውን ሲመጣ ነው። ቁስሉን እያጠብኩለት ስለ እጁ ጠየቅሁት።

"እያጠረ ሄደ" አለኝ። "ክንዱ ጠፋ፤ እጁ ጉቶዬ ላይ ተለጥፎ የሕፃን እጅ አክሏል። ያማል፣ ግን ውስጡ የያዝኩት ነገር አይሰማኝም።"

ብዙዎች ላይ እንዲህ እንደሚሆን፣ የሌለው እጅ ቀስ በቀስ ወደ ጉቶው እንደሚሰበሰብ ነገርኩት።

"ታውቂ ነበር?"

"ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር።"

"ለዳሃቦ አልነገርኳትም። አሁንም ጉንጬን ትነካኛለች፤ 'አለች?' ትለኛለች።"

"ምን ይሏታል?"

"አለች እላታለሁ።"

ፋሻውን ጠቅልዬ ስጨርስ እጅጌውን በቀኝ እጁ ስቦ አወረደና፣ ለሕመሙ የሚሆን ክኒን ካለኝ ጠየቀኝ። ሰጠሁት። በአንድ እጁ ማሸጊያውን ሊቀድ ሲታገል አይቼ ከፈትኩለት።