ኮከብ ያለበት ዘንግ

ዋቅወያ ነቀምት ባለው የመንግሥት ወርክሾፕ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ብረት ከሚቀርጸው ቶርኖ ማሽን የወረደ ዕቃ በእሱ እጅ ሳያልፍ ከበር አይወጣም። ደህና ነው ያለውን ዕቃ ጫፉ ላይ ከኪሱ በማትጠፋው መምቻ ትንሽ ኮከብ በመዶሻ ይመታበታል። አሥራ አንድ ዓመት ሲመታ አንድም ዕቃ አልተመለሰበትም። እሱም ይህንን ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

የዚያን ቀን ጧት የግምጃ ቤቷ ፀዳለ አቧራ የጠጣ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጋሼ ዋቅወያ፣ ያ ስንፈልገው የከረምነው የተሳቢው ንድፍ ተገኘ! ከድሮ ደረሰኝ ሥር ተወትፎ።»

«አሁን ምን ይሠራልኛል? የጎማው ዘንግ ተሠርቶ ተሳቢው ወዳለበት ጉቴ ከሄደ ሦስት ቀኑ» አለና ለወጉ ያህል ገለጥ አደረገው።

ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ «ልኬቱ ሁሉ በኢንች ነው» ይላል። ጎማውን የሚያጠብቀው ዳዶ ከሚዞርበት የዘንጉ ጥርስ ጎን ደግሞ «በአንድ ኢንች ስምንት ጥርስ»። ዋቅወያ መልሶ አነበበው። ወረቀቱን እንደያዘ ወደ ማሽኑ ዞረ።

«ቀነዓ! የዘንጉን ጥርስ በስንት ነው ያወጣኸው?»

ቶርኖ ሠራተኛው ቀነዓ ማሽኑን አጠፋ። «በሚሊሜትር ነዋ፣ ሦስት ላይ አድርጌ። ንድፍ የለም ተባልኩ፤ አሮጌው ዘንግ ላይ በተረፈችው ጥርስ መለኪያ ባስገባ ሦስት መሰለኝ። ኦቦ ዋቅወያ፣ እርስዎም እኮ ለክተውታል።»

ለክቶታል! ወርክሾፑ ያለው የጥርስ መለኪያ የሚሊሜትር ብቻ ነው። ማሽኑ ሚሊሜትር፣ መለኪያው ሚሊሜትር፤ ሁለቱ ሲስማሙለት ጊዜ ደስ ብሎት ኮከቡን መታበት። ዳዶው ከተሳቢው ጋር ጉቴ ስለነበር ገጥሞ አላየውም። እንዲያመጡለትም አልጠየቀም።

የኢንቹ ጥርስ ከሦስት ሚሊሜትር በጥቂት ይበልጣል። ዓይን አይለየውም። ስምንት ጥርስ ላይ ሲጠራቀም ግን አንድ ሚሊሜትር ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዳዶው ሁለት ሦስት ዙር ይሄድና ይቀረቀራል። ግድ ግባ ካሉት ጥርሱን እየላጠ ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል። የተሳቢውን ጎማ ይዞ የሚውለው ደግሞ ያው ዳዶ ነው።

«ተሳቢው ጉቴ ነው ያለው?» አለ።

«ኧረ ዛሬ ጧት በዚህ አለፈ» አለች ፀዳለ። «በኡኬ በኩል ወደ እርሻ ጣቢያው፤ የበቆሎ ሠራተኞች ጭኖ። አርባ ሰው ይሆናል።»

«ያ ዋቃ! አርባ ሰው!»

ስልኩ መስመር የለውም። ዋቅወያ የሥራ አስኪያጁን ላንድሮቨር ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ወጣ። በዚያ ዘመን ያለ መውጫ ወረቀት የመንግሥት መኪና ማስነሣት፣ አሻጥረኛ አስብሎ አሳስሮ የሚያስቀር ነገር ነው። ትዝም አላለው። በየኩርባው ገደል ውስጥ የተገለበጠ ተሳቢ እየታየው፣ «ጌታ ሆይ፣ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ልድረስበት» እያለ ነዳ።

ኡኬ ኬላ ላይ ተሳቢው ቆሟል። የኬላው ጠባቂ የሰዎቹን ስም ከዝርዝሩ ጋር ሲያመሳክር አንድ ሰዓት አቁሟቸው፣ ሁሉም እየረገመው ነው። ዋቅወያ ዕድሜ ልኩን ኬላ ሲጠላ ኖሮ የዚያን ቀን ጠባቂውን ሊስመው ምንም አልቀረው።

«ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!»

ዘንጉን ጉቴ ላይ የገጠመው መካኒክ ባይሳ ከሚጎትተው መኪና ጋቢና ወረደ። ከዋቅወያ ጋር የአሥር ዓመት ወዳጆች ናቸው። «ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ምን ሆንክ?» እያለ ዋቅወያ ባሳየው ጎማ ሥር ክሪክ አስገብቶ አነሣው፣ ክዳኑንም ፈታ። ዳዶው እንዳይዞር የተሰካው ሽቦ እንዳለ ነው፤ ሽቦ ግን መዞርን እንጂ መላጥን አይከለክልም። ሽቦውን ነቀለና ዳዶውን በሁለት ጣቱ ሳብ ቢያደርገው፣ ሳይዞር እንደ ቀለበት ወልቆ መጣ። የተላጠው ብረት እየተጠቀለለ መሬት ላይ ረገፈ። ከፊታቸው ቁልቁለቱ ነበር።

አንዲት ሴት ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ዋቅወያ ባይሳ ላይ ጮኸበት። «ሰው አይደለህም እንዴ? ዳዶው እንቢ ሲልህ አይታወቅህም? አርባ ነፍስ!»

ባይሳ ጎንበስ ብሎ በመሐረቡ የዘንጉን ጫፍ ጠረገ። ከግራሶው ሥር ኮከቧ ብቅ አለች።

«ታወቀኝ እንጂ» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስተኛው ዙር ላይ እንቢ አለኝ። ልመልሰው ፈትቼው ነበር። ኋላ ይቺን ኮከብህን አየሁና፣ ዋቅወያ ካሳለፈው ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ጉልበት እንዲጨምርልኝ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቼ ገፋሁት።»

ዋቅወያ ካፖርት ኪሱ ውስጥ ያለችውን የኮከብ መምቻ በእጁ እንደጨበጠ፣ ሰዎቹ ፊት መንገዱ ላይ ቁጭ አለ።