ከጥር አንድ ጀምሮ

መሐል ሜዳ ከተማ ንፋስ የማይገባበት ቤት የለም። መምህርት ትህትና የተከራየችው ክፍል ግን ንፋሱ የሚያድርበት ነበር። ስለዚህ የመምህራን ቤት ሥራ ማኅበር ቦታ ሊመራ ነው ሲባል ከማንም ቀድማ ተመዘገበች። የቀራት መዋጮውን ማስገባት ነው፤ እሱንም የመምህራኑ ቁጠባና ብድር ሊያበድራት ተስማምቷል። የብድር ኮሚቴው ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣል። ሰኞ የቤት ማኅበሩ መዝገብ ይዘጋል። ኮሚቴው የሚጠይቃት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፦ ከደመወዟ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶው እንደማይበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ደመወዝ ክፍል ገባች። ወይዘሮ ጥሩሸዋ የመምህራኑን ደመወዝ የምትሠራ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። የትህትናን መዝገብ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«የኔ እመቤት፣ ሲሶውን አልፈሻል።»

«በምን አልፋለሁ፣ እትዬ ጥሩሸዋ? ከብድሩ ሌላ ምን አለብኝ?»

«ጂም አለብሽ።»

ትህትና ሳቀች። ጥሩሸዋ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማኅበር የተደራጁ አሥር የከተማው ልጆች «ብርታት» የሚባል ስፖርት ቤት ከፍተው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ወርሃዊ ክፍያው ከደመወዙ እንዲቆረጥ ፈርሞ ይመዘገባል። ልጆቹ በየወሩ የአባላቱን ስም ያመጣሉ፣ ጥሩሸዋ ትቆርጣለች፣ ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ ይገባል።

«ከታኅሣሥ ወዲህ የዚያን ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም» አለች ትህትና። «ከጥር አንድ ጀምሮ አቁሙልኝ ብዬ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ።»

«ለእነሱ ሰጠሽ፣ ለእኔ አልደረሰኝም። ጥርንም የካቲትንም ስምሽን ይዘው መጡ፣ ቆረጥኩ። የመጋቢትም ይኸውና እጄ ላይ ነው።» ወረቀቱን ገልጣ አሳየቻት። «የፈረምሽውንም አንብቢው። ‹ማኅበሩ በጽሑፍ እስኪያሳውቅ ድረስ ይቆረጥ› ይላል። አንቺ ነሽ የፈረምሽው።»

«አሁን እኔው ብሰርዘውስ?»

«ነገ እነሱ መጥተው የአባላችንን ገንዘብ ማን ከለከለን ሲሉኝ አንቺ ክፍል ውስጥ ታስተምሪያለሽ፣ እኔ እዚህ እለፈልፋለሁ። ማኅተም ያለው የማቆሚያ ደብዳቤ ከእነሱ አምጪልኝ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ አምስት ተኩል እወጣለሁ፣ ሰባት ተኩል እመለሳለሁ። ካመጣሽ ማስረጃሽን እሠራለሁ።» ጥቂት አሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለኮሚቴውም እነግርልሻለሁ፣ እስከ ዘጠኝ ከመጣሽ ምንም አይጎድልሽም።»

ትህትና በኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጻፈች። የፊተኛውን ደብዳቤ ቅጂ ሳታስቀር፣ ‹ደርሶናል› ሳታስፈርም ነበር የሰጠችው። ተማሪዎቿን በቤተ ሙከራ «ያልጻፋችሁት ሙከራ አልተሠራም» እያለች የምትቆጣ ሰው ናት! የአሁኑን ሁለት አድርጋ ጻፈችው።

ቀን፦ መጋቢት 16 ቀን 2008 ዓ.ም.
ለብርታት የስፖርት ማዘውተሪያ ማኅበር
መሐል ሜዳ
ጉዳዩ፦ ወርሃዊ ክፍያ እንዲቆምልኝና ያለአግባብ የተቆረጠብኝ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ከጥር 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ አባልነቴ እንዲቋረጥ ታኅሣሥ 15 ቀን በጻፍኩት ደብዳቤ አሳውቄ ነበር። ሆኖም የጥርና የየካቲት ክፍያ ከደመወዜ ተቆርጧል። ስለዚህ ስሜ ከመጋቢት የክፍያ ዝርዝር እንዲወጣ፣ መቆሙም ለደመወዝ ክፍል በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ካቋረጥኩ በኋላ የተወሰደው የሁለት ወር ክፍያም እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ትህትና አወቀ
ግልባጭ፦ ለደመወዝ ክፍል

እስክርቢቶውን ከድና ተነሣች።

ስፖርት ቤቱ ከሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ከአባ መርስዔ ኃዘን ግቢ ጓሮ ነው። ድሮ የገብስ ጎተራ ነበር። በሩ ላይ ክንዱን ከበግ ጠጉር ባናው ውስጥ ያወጣ ጡንቸኛ ተሥሏል፤ ሠዓሊው የብርዱን ነገር አልዘነጋም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ይታየው ደጅ ላይ ተንበርክኮ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ እያፈሰሰ አዲስ ክብደት ይሠራል። ቀድሞ ተማሪዋ ነበር። ሲያያት ደንግጦ ተነሣ፣ ቀጥሎም ፊቱ በራ።

«ቲቸር! መጡ?»

«መጣሁ። ለምንድን ነው የምትቆርጡብኝ?»

ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ እጁ ሲሚንቶ ስለሆነ በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ አነበበው። ጆሮው ቀላ።

«የፊተኛው ደብዳቤዎ አለ» አለ። «አልጠፋም፣ እግዜር ያውቃል። አባ ዘንድ ነው።»

«አባ ዘንድ ምን ይሠራል?»

«ቲቸር፣ ‹በግል ምክንያት› ብለው ነው የጻፉት። ልጆቹ ተሰበሰብንና፣ ይህ ቅያሜ ነው አልን። እንዴት ተቀይሞ የሄደ አባል ስሙ ይፋቃል? ጽዋ ማኅበር ላይ እንኳ ሰው ኮርፎ ቢቀር ሽማግሌ ሳይላክበት ወንበሩ አይነሳም። አባን እንዲያስታርቁን ለመንን። እሳቸው ወገባቸውን አሟቸው ተኙ። እኛም ስምዎን እንዳለ ተውነው።»

«ስሜን ተዋችሁት። ደመወዜንስ?»

ይታየው ሲሚንቶውን አየ። «እሱን... አላሰብነውም። ስምዎ ካለ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል።»

ትህትና የሳቀችው ሳትወድ ነው። ሰውን ከሒሳብ መቀነስ ቀላል ነገር ይመስላል፤ እነዚህ ግን ማንንም መቀነስ አይሆንላቸውም። ነገሩን በአጭሩ ነገረችው፦ ሲሶው፣ ኮሚቴው፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቦታው። ይታየው ደብዳቤውን ይዞ ወደ ውስጥ ሮጠ፤ በአንድ ገጽ የማቆሚያ ደብዳቤ ጽፎ ወጣ። ፈረመበት። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ትልቁ ቤት ተመለከተ።

«ማኅተሙስ?» አለች።

«እሱም አባ ዘንድ ነው። እርስ በርስ እንዳንጨቃጨቅበት ሳጥናቸው ውስጥ አስቀመጥነው።»

አባ መርስዔ ኃዘን ወገባቸውን በነጠላ አስረው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከአጠገባቸው አንድ ቁና ገብስ እየለቀሙ ነው። ሁለቱን አብረው ሲያዩ ገብሱን ወዲያ አሉት።

«እሰይ፣ እኔ ሳልሄድ ታቦቱ አመጣችሁ። ቁጭ በሉ።»

«አባ፣ ማኅተሙን ነበር...» አለ ይታየው።

«ማኅተም ከእርቅ ኋላ ነው። አንቺ ልጅ፣ ምን አስከፋሽ?»

«ምንም አልተከፋሁም፣ አባ። ሰዓት የለኝም፣ እባክዎ።»

«ሰዓት ያለው ማን ነው? እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ አለኝ?» ደብዳቤዋን እንዲያነብላቸው ይታየውን አዘዙት። ‹ያለአግባብ› የሚለው ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሱ። «ይህ ያልተከፋ ሰው ቃል ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ንገሪን፣ ይሰማል።»

ትህትና ወደ ፀሐይዋ ቀና አለች። ሰባት ሰዓት እየተቃረበ ነው። ‹አልተከፋሁም› ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«የሴቶቹን ሰዓት ከማታ ወስዳችሁ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ላይ አደረጋችሁት። ጀሪካን ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል በዚያ ሰዓት። እንዴት ነው ብረት የምጨብጠው? ተሰብስባችሁ ወሰናችሁ፣ አንዳችንንም አልጠየቃችሁም። ማታውን ለወንዶቹ ሰጣችሁ።»

ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛው እንደኖረች ራሷም አላወቀችም ነበር። የተናገረችው ድምፅ ክፍል ውስጥ ሞባይል ሲጮኽ የምታወጣው ድምፅ ነው።

አባ ወደ ይታየው ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባ።»

«አንተ በዚያ ሰዓት ከባናህ ትወጣለህ?»

«አልወጣም።»

«እንግዲያ በል።»

ይታየው ጎንበስ ብሎ «ጥፋት ነው፣ ቲቸር። ይቅር ይበሉን» አለ። «ሰዓቱንም እሑድ ተሰብስበን እንመልሳለን። ሴቶቹም ይኖራሉ።»

«ይቅር ለእግዜር በይ» አሏት አባ።

«ይቅር ለእግዜር» አለች፤ ከልቧ ነበር፣ ደግሞም ቸኩላለች።

«ተመልሰሽ ትገቢያለሽ?»

«አልገባም፣ አባ። ቤት ልሠራ ነው።»

ትህትና ነገሩ እንደገና ከሥሩ ሊጀመር ነው ብላ ሰጋች። አባ ግን የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አወጡ። «የታረቀ ይሂድ፣ ያልታረቀ ነው የማይሄደው» አሉና ወገባቸውን እያቃሰቱ ገብተው ማኅተሙን አመጡ። ይታየው በማቆሚያው ደብዳቤ ላይ መታው። በእሷ ቅጂ ላይም ‹ደርሶናል› ብሎ ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ፣ መታ።

ስለሚመለሰው ገንዘብ ሲነሣ ፊቱ ቀዘቀዘ። የባንኩ ቼክ በሁለት ሰው ፊርማ ነው የሚወጣው፤ ሒሳብ ያዡ ዳኜ ደግሞ ተከልሎ የኖረው የጓሳ ሣር ስለተከፈተ አጨዳ ሄዷል። ስፖርት ቤቱ በር ላይ ያለውን የገንዘብ ሳጥን ከፍቶ የአንድ ወሩን ቆጥሮ ሰጣት፣ ደረሰኝም አስፈረማት። «የየካቲቱን...» ሲል እሷ የግቢውን በር አልፋለች።

ሮጠች። መሐል ሜዳ ላይ መምህርት ስትሮጥ የሚያይ ሰው ሞት የተሰማ ነው የሚመስለው፤ ሁለት ሰው «ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት፣ አንዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊከተላት ነበር። «ቤት ነው! ቤት!» እያለች አለፈች። የሁለት ወር ክፍያ የተቆረጠበት ስፖርት በአንድ ዳገት ተሠራ።

ጥሩሸዋ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው። ከመጋቢት ዝርዝር ላይ የትህትናን ስም በማስመሪያ ሰረዘች፣ ጎኑ ላይ ፈረመች፣ ደብዳቤውን ከፋይሉ ጋር አያያዘች። ከዚያ ደመረች። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እንደገና ደመረች።

«ከሲሶው በታች ነሽ» አለች። «በትንሽ ነገር። ግን በታች በታች ነው።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ትህትና ማስረጃውን ይዛ ኮሚቴው ፊት ቆመች። ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላብጦ «ይህ ‹ብርታት› የሚባለው ብድርሽ ተከፍሎ አለቀ?» አላት።

«ታርቀን አለቀ» አለች።

አልገባውም፤ ፈረመ ግን።

ስትወጣ ይታየው ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፣ እጁ ሲሚንቶው ደርቆበት ነጭ ሆኗል። የየካቲቱን ገንዘብ ከእናቱ ሱቅ ተበድሮ አምጥቷል፤ የደረሰኙን ጥራዝም በብብቱ ይዟል።

«ዳኜ ሲመጣ ለእናቴ እተካለሁ። ይፈርሙልኝ፣ ቲቸር። ያለ ደረሰኝ አልሰጥም፣ ተምሬያለሁ።»

ትህትና ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ፈረመች።

«ተፈቀደ?» አላት።

«ተፈቀደ።»

ይታየው ፊቱ እንደ ጠዋቱ በራ። ጥራዙን ዘጋና በነጩ እጁ ወደ ከተማው ዳር፣ ገና ካስማ እንኳ ወዳልተተከለበት ሜዳ ጠቆመ።

«መሠረት ሲጥሉ ይጥሩን። ሲሚንቶ ማቡካት ከኛ በላይ ማን ያውቃል?»

«ትመጣላችሁ?»

«አሥራችንም። ማታ ማታ፣ ሰዓቱ የሴቶቹ ሲሆን።»