ሃያ ድምፅ ለነርሷ

ታናሽ እህቷን ፈንዲሻን በዘፈን ውድድሩ አምስት ሳምንት ያቆየቻት ልብስ ሰፊዋ ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። መዝፈኑንማ ፈንዲሻ ትዘፍናለች፤ ሰው መቀስቀሱ ግን የታላቂቱ ሥራ ነው። ቅዳሜ ውድድሩ አልቆ የመምረጫው መስመር ሲከፈት፣ እሁድ እኩለ ቀን እስኪዘጋ ድረስ ሱቋ የገባ ሁሉ ለፈንዲሻ ድምፅ ሊሰጥ ስልኩን ያወጣል። ከአንድ ስልክ ከሃያ በላይ ድምፅ አይቆጠርም፤ ሃያውን ሳይጨርስ ሊወጣ የሚያስብ ካለ ሱሪውን አታሳጥርለትም፣ በቃ!

አሸናፊው አልበም ይሠራለታል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ፈንዲሻን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ከዚያ አልበም ሌላ ለራሷ እንኳን የተመኘችው ነገር የለም።

የዚያን ቅዳሜ አምስት ተወዳዳሪ ቀርቶ ነበር። አራቱ ዳኞች እያንዳንዳቸው ከአስር ሲሰጡ ፈንዲሻ ሠላሳ ስምንት አመጣችና አንደኛ ሆነች። ሾፌሩ፣ ያ እስከዚያ ቀን ሕዝብ ይሞትለት የነበረው ሸበላ፣ መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋበትና አራተኛ ወጣ። መጨረሻ የሆነችው ነርሷ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ እየሮጠች ገባች።

"ስማኝማ! የዳኞቹ አንደኛ አምስት ነጥብ ያገኛል፣ መጨረሻው አንድ። በሕዝቡም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ አምስት፣ ትንሽ ያገኘ አንድ። ሁለቱ ይደመርና ከታች የቀሩት ሁለት ሰዎች ለመትረፍ እንደገና ይዘፍናሉ። ሾፌሩ በዳኞቹ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ ነርሷን ይምረጥ፤ እሷ ከፍ ስትል እሱ ይወርዳል፣ ተገላገልነው!"

"ፈንዲሻስ?"

"ሠላሳ ስምንት አምጥታ? እሷን ሌላው ሰው ይመርጣታል።"

"ኧረ ተይ፣ ብልጠት አታብዢ።"

"አንተ መላጨትህን ላጭ!"

ሰፈሩም እንዳለችው ነርሷን መረጠ። ወይ ነዶ! ያ "ሌላው ሰው" ያለችውም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያንኑ እያሰበ ነበር። ሠላሳ ስምንቱን ያየ ሁሉ "እሷማ አልፋለች" ብሎ ስልኩን አስቀመጠ።

እሁድ ከሰዓት ውጤቱ ሲነገር ልብስ ሰፊዋ አዳራሹ ውስጥ፣ ለቤተሰብ በተያዘው ወንበር ላይ ነበረች። ሌሎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል ሰባት ሰባት ነጥብ አግኝተው አለፉ። ቀጥሎ የሾፌሩ ነጥብ ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ፤ ከዳኞች ሁለት፣ ከሕዝብ ሁለት፣ ድምር አራት። ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ጭኗን በጥፊ መታች። ነርሷ ከዳኞች አንድ፣ ከሕዝብ አምስት፣ ድምር ስድስት። ፈንዲሻ ከዳኞች አምስት፣ ከሕዝብ አንድ፣ ድምር ስድስት።

አንድ? ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን አሻሸች። አንድ ነው።

"ነጥብ እኩል ሲሆን የሚቀድመው የሕዝብ ድምፅ ነው" አለ አስተዋዋቂው። "ነርሳችን አልፋለች። ሾፌሩና ፈንዲሻ ለመትረፍ ይዘፍናሉ።"

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ፈንዲሻ ግን ምን ታውቃለች፣ ዘፈነች እንጂ፤ እንዲያ ዘፍና አታውቅም። ሾፌሩም በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አልሳተም። አሁን እያንዳንዱ ዳኛ እንዲተርፍ የሚፈልገውን ሰው ይጠራል። የመጀመሪያው "ፈንዲሻ" አለ። ሁለተኛዋ "ሾፌሩ"። ሦስተኛው "ፈንዲሻ"። አራተኛዋ ዳኛ እርሳሷን ስታሽከረክር ቆየችና "ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አለች። "ሾፌሩ።"

ሁለት ለሁለት።

አስተዋዋቂው ደንቡን እስኪናገር መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። ዳኞች እኩል ሲከፈሉ ቀድሞ ወደተሰጠው የሕዝብ ድምፅ ይኬዳል፤ ያነሰ ያገኘው ይሰናበታል። ሾፌሩ ሁለት ነጥብ፣ ፈንዲሻ አንድ። ከሰፈሩ ስልክ ሩቡ እንኳን ለፈንዲሻ ቢውል ኖሮ ብላ ስታስብ አንጀቷ እርር አለ። አስተዋዋቂው የተሰናባቹን ስም የያዘውን ፖስታ ሲቀድ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ፈንዲሻ ከመድረክ ጀርባ ባለው ኮሪደር አገኘቻት። አላለቀሰችም፤ እንዲያውም አቀፈቻት።

"እታለም፣ ምንም አይደል። አንቺማ ምን ያላደረግሽው አለ!"

"ፈንዲሻዬ..." አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ስልክሽን ስጪኝማ። እኛ ተወዳዳሪዎቹ ያስረከብነውን ገና አልመለሱልንም። ያ ፀጉር አስተካካይ ሰፈሩን ሲያስተባብር ከርሟል፣ ላመስግነው።"

እምቢ ማለት ነበረባት፤ እጇ ግን ቀድሟት ሰጠ። ፈንዲሻ ስልኩን ስትከፍተው የመልእክቶቹ ዝርዝር ወጣ። ሃያ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። "ለነርሷ ድምፅ ስለሰጡ እናመሰግናለን።"

ፈንዲሻ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ወረደች። ከዚያ ቀና አለች።

"ነርሷን ነው የመረጥሽው?"

"ሾፌሩን ላስወጣልሽ ብዬ ነው።"

ፈንዲሻ ስልኩን መለሰችላትና ቦርሳዋን ለማምጣት ብቻዋን ሄደች።