ሁለተኛው ቁልፍ

የመድኃኒት መጋዘኑ በር በሁለት ቁልፍ ይከፈት፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ ብላ ኦዲተሯ ካሳሰበች ከርሟል። የመጋዘኑ ኃላፊ «ተፈጽሟል» ብለው ስለጻፉ ለማረጋገጥ ሄደች። ሁለት ቁልፍ በርግጥ አለ፤ ሁለቱም የተንጠለጠሉት ግን በሳቸው ወገብ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ተፈጽሟል ይባላል?»

«ሁለተኛ ሰው የለኝማ፣ ልጄ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቅጥር ካልፈቀዱ ከየት ላምጣ?»

ይህንኑ እያሉ አንጀቷን ስለበሏት ሁለት ጊዜ ቀን አራዝማላቸዋለች። አሁን ግን «አልተፈጸመም» ብላ መዘገበች፤ ጉዳዩንም ለዋና ሥራ አስኪያጁ እንደምታቀርብ ነገረቻቸው። ይለምኑኛል ብላ ስትጠብቅ እፎይ አሉ።

«ምነው ያኔውኑ ባደረግሽው» አሉ ቁልፎቹን እየነካኩ። «እኔ ሰው ቸግሮኝ፣ አንቺ ቀን ትጨምሪልኛለሽ።»