ውሃውን የት ላፍስስ?

የሩዝ ማብሰያው መመሪያ «ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀሙ» የሚለው ክፍል ብቻውን አሥራ አንድ ገጽ ነበር። ዪንጁ እያንዳንዱን ገጽ ራሷ ጽፋዋለች። ከእሷና ከማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ በቀር ያነበበው ሰው መኖሩንም ትጠራጠራለች። የገዛ እናቷ እንኳ ልጇ የጻፈቻቸውን መመሪያዎች ሁሉ በቁም ሳጥን አስቀምጣ፣ አንዱን የምግብ ጠረጴዛው እግር ሲወላገድ ከሥሩ ሸጉጣበታለች። «ወፍራም ስለሆነ በጣም ጠቀመኝ» ብላ አመስግናታለች፤ ምስጋና ከተባለ።

ታይዋን፣ ታይቹንግ ያለው የማብሰያው ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሎ አንድ ቀን ጠርቶ፣ «ሰው ዕቃውን ከካርቶን እንዳወጣ የሚያየው ካርድ እፈልጋለሁ። የእጅ መዳፍ የሚያክል፣ ከስድስት ቁጥር የማይበልጥ» ሲላት ልቧ ዘለለ። በመጨረሻ የሚነበብ ነገር ልትጽፍ ነው! ሎ ግን ሰው ደስ ብሎት ሲሄድ ማየት አይወድም። «ካልሆነልሽ ታይፔ ላለው ማስታወቂያ ድርጅት እሰጠዋለሁ። ካርዱ ላይ ጥንቸል ሥለው ያመጣሉ» አላት።

ጥንቸል! ዪንጁ በዚህች ጥንቸል የተነሳ ሁለት ሳምንት አልተኛችም ማለት ይቻላል።

መጻፉ ቀላል ነበር፤ ከባዱ መቁረጡ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር እጅ የሚሠራውን ሥራ፣ በሚሠራበት ቅደም ተከተል፣ ከግስ ጋር መናገር አለበት። እጅ የማይሠራው ነገር ሁሉ ይውጣ። ይሁን እንጂ የሚወጣው ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። መሐንዲሱ ፋንግ ከድስቱ ሥር ስላለው የሙቀት መቆጣጠሪያ አንድ አንቀጽ ካልገባ ብሎ አፍጦ ቆመ።

«ሰው እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ እንዴት ይጠቀማል?»

«አንተ የአሳንሰሩን አሠራር አውቀህ ነው የምትወጣው?» አለችው።

ፋንግ ጥቂት አሰበና፣ «አዎ» አለ።

ጠበቃው ጻይ ደግሞ ሠላሳ አንዱን ማስጠንቀቂያ በሙሉ ከላይ አስቀድሙልኝ አለ። ሁሉም አስፈላጊ፣ ሁሉም የእሱ ድርሰት ናቸው። ዪንጁ፣ መመሪያው ውስጥ ሁሉም እንዳሉ ይቀመጣሉ፣ ካርዱ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ የሚገባው ሰውየው ሊሳሳት በሚችልበት ቁጥር ላይ ብቻ ነው ብላ ተሟገተችና አሸነፈች። ሶኬቱን መሰካትም ከሁሉ ይቅደም ካሏት ከሁለቱም ጋር ተጣልታ ወደ አምስተኛው ቁጥር አወረደችው።

ከዚያ ሙከራው ደረሰ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ማሽኑን ነክቶ የማያውቅ ሰው ካርዱን ይዞ ብቻውን ያበስላል፤ የጻፈው ሰው አጠገቡ ቆሞ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ለሙከራው የተቀጠረችው ሴት በዚያ ጠዋት ቀረች። የዪንጁ እናት ሹዌሁዋ ደግሞ ከምትኖርበት ከቻንግሁዋ የዘይቱን ፍሬ ይዛላት መጥታ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጣለች።

ሎ ዓይኑ በራ። «አክስቴ፣ ሩዝ ያበስላሉ?» አላት፤ በዕድሜ ለምትበልጥ ሴት እንደሚባለው።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይሄ? ታዲያ ይቺን ልጅ በምን አሳደግኳት?»

ዪንጁ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አጠገቧ ቆመች። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ካርዱን አንስታ አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች። ድስቱን አወጣች፤ አጠበች። ሩዙን በመለኪያው ኩባያ ለካች። ውሃውን ድስቱ ውስጥ እስከተባለው መስመር ሞላች። «አራት፤ የድስቱን ውጭ አድርቀው ማሽኑ ውስጥ ያስገቡት» አለች። አደረቀች። ዪንጁ ቀስ ብላ መተንፈስ ጀመረች።

እናቷ ታዲያ ድስቱን አስቀምጣ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ቀድታ፣ ባዶው ማሽን ሆድ ውስጥ ቸለስ አደረገችው።

«ኧረ!» ብሎ ፋንግ ዘሎ ሶኬቱን ደረቱ ላይ አቀፈው።

ሞኝ ሆና አይደለም። በታይዋን በየቤቱ ያለው አሮጌው የኤሌክትሪክ ድስት ሩዙን የሚያበስለው በውጭው ሆድ በሚፈስ ውሃ እንፋሎት ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ማብሪያው ቀጭ ብሎ ይነሳና ድስቱ ይጠፋል። ሹዌሁዋ ይህን ካላደረገች ሩዝ እንደማይበስል የምታውቀው ማንበብ ሳትችል ጀምሮ ነው።

«ምን አጠፋሁ? ውሃ ካልጨመርኩለት መቼ እንደሚጠፋ በምን ያውቃል?»

«ከሥሩ የሙቀት መቆጣጠሪያ አለው አክስቴ!» አለ ፋንግ፤ አንቀጹን የሚሰማለት ሰው በመጨረሻ አግኝቶ።

«አንቺስ ቆመሽ ታዪኛለሽ? አትናገሪም?»

«መናገር አይፈቀድልኝም እማ!»

ሎ መመሪያውን አገላብጦ፣ «ማሽኑ ውስጥ ውሃ አይፍሰስ» የሚለውን ከማስጠንቀቂያዎቹ መሃል አሥራ አራተኛ ላይ አገኘው። «ካርዱ ላይ የለም» አለ በቀስታ። ዪንጁ ጥንቸሏ ከጆሮዋ ጀምራ ስትመጣ ታየቻት። አፍራም ነበር። አሥራ አራተኛውን ያወጣችው እሷ ናት፤ ማን ሞኝ ያደርገዋል ብላ። ያደረገችው ደግሞ እናቷ፤ ያውም ቤቷ ሁሌ የምታደርገውን።

«እስከ ከሰዓት ስጠኝ» አለችው። «ሶኬቱን መጀመሪያ ላይ ትቼው ቢሆን ኖሮ እናቴን አቅፈህ ሆስፒታል ትሮጥ ነበር።»

ሎ ይህን መካድ አልቻለም። ዪንጁ ከካርዱ ራስ ላይ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን የሽያጭ ክፍል ሰላምታ ነቅላ ቦታ አገኘች። ካርዱ እንዲህ ሆነ፤

1. ድስቱን አውጥተው ይጠቡት።
2. ሩዙን በመለኪያው ኩባያ ይለኩ፤ አጥበው ድስቱ ውስጥ ይጨምሩ።
3. ድስቱ ውስጥ ውሃ ይሙሉ፤ ለሁለት ኩባያ ሩዝ እስከ 2 መስመር።
4. ማሽኑ ውስጥ ውሃ አያፍስሱ። የድስቱን ውጭ አድርቀው ያስገቡት።
5. ክዳኑን ቀጭ እስኪል ይዝጉ፤ ሶኬቱን ይሰኩ።
6. «ነጭ ሩዝ» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ሲጮህ ሩዙን በጭልፋው ያላቅቁት።

አሁን አዲስ ሰው ያስፈልጋል፤ እናቷ አንዴ አውቃለችና አትሆንም። በዚያ ሰዓት ጠበቃው ጻይ ጠዋት ፍርድ ቤት ውሎ የሆነውን ሳይሰማ ገባ። ማሽኑን በእጁ ነክቶት አያውቅም።

«እኔ ነኝ እኮ ማስጠንቀቂያዎቹን የጻፍኳቸው» እያለ ሳቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሠራ። ከዚያ ካርዱን በአንድ እጁ እንደያዘ አንድ ኩባያ ውሃ ቀዳ። ኩባያውን ማሽኑ አፍ ላይ አዘነበለ። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ፋንግ ወደ ሶኬቱ ተጠጋ።

ጻይ አራተኛውን ቁጥር አነበበ። ቀና አለ። ጆሮው ቀላ። የተሰበሰበውን ሰው አየና ኩባያውን ወደ አፉ ወስዶ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣው።

«ጠምቶኝ ነበር» አለ።

ካርዱ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ገባ። ሹዌሁዋ አንዱን ናሙና ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ቻንግሁዋ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወለች።

«ይሄ ካርድሽ ሩዜን አበላሸው! ጥሬ ነው! ድስቱ ወዲያው ቀጭ ብሎ ጠፋ!»

«የትኛው ድስት?»

«ያው አሮጌው ድስቴ ነዋ! አራት ላይ ውሃ አታፍስሱ ብለሻል፤ አላፈሰስኩም።»

«እማ፣ ያ እኮ ለአዲሱ ማሽን ነው! ያንቺማ ያለ ውሃ መች ያበስላል!»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ከጮኸብኝ በኋላ ማን ይደፍራል? አንቺ ነሽ ያልሽው። ከአንድ እስከ ስድስት አነበብኩት፤ አንድም አልዘለልኩ» አለች እናቷ ተቆጥታ።

እናቷ ዪንጁ የጻፈችውን አንብባለች። አንብባም እንደተጻፈው አድርጋለች፤ የዕድሜ ልክ ልማዷን ትታ። የዪንጁ ዓይን እንባ ሞላ፤ ሳቋም መጣ።

«እማ፣ ውሃ ጨምሪና እንደገና አብስይው» አለቻት።

«በጽሑፍ ላኪልኝ» አለች ሹዌሁዋ።