ሰባት ያሉት ልጆች

መምህርቷ ጠመኔውን አነሳች። ሦስት ወር በሙከራ ያስተማረችበት ትምህርት ቤት ዛሬ ሊገመግማት ነው። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ፎርማቸውን ዘርግተው ከኋላ ተቀምጠዋል። እሷ ደግሞ ምን እንደነካት እንጃ፣ ለእናቷ ቀድማ "ቋሚ ሆኛለሁ" ብላ አርፋዋለች።

"ባለፈው ሳምንት ፈተና ላይ ግማሾቻችሁ ጉድ የሆናችሁበትን ነው የምንሠራው" አለችና ሰሌዳው ላይ 8ˣ⁻¹ = 4ˣ⁺² ብላ ጻፈች። "መሠረቶቹ ይለያያሉ፤ ግን ሁለቱም ከሁለት የወጡ ናቸው። ስምንት፣ ሁለት በርቢ ሦስት ነው። አራት፣ ሁለት በርቢ ሁለት። መሠረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ርቢዎቹን እኩል ማድረግ ብቻ ነው።"

ቀጥላ 3x − 1 = 2x + 2 አለች። x = 3። ፈተናውን ያረመችበት የመልስ ወረቀትም ላይ ያለው ሦስት ነው።

እዚያው ላይ ብታቆም ማን ምን ይላት ነበር? ግን ፎርሙ ላይ "ማረጋገጫ" የሚል ቦታ እንዳለ ታውቃለች። ሦስትን በ x ቦታ ተካች። በግራ ስምንት በርቢ ሁለት፣ 64 መጣ። በቀኝ አራት በርቢ አምስት፣ 1024።

ክው አለች። መስመር በመስመር ወደ ላይ ተመለሰች፤ ለካ ቅንፉን ረስታዋለች። ሦስቱ የሚባዛው x − 1ን በሙሉ ነው እንጂ xን ብቻ አይደለም።

"ተሳስቻለሁ" አለች። 3x − 3 = 2x + 4 ብላ ጻፈች። x = 7። ስትተካው ስምንት በርቢ ስድስትም፣ አራት በርቢ ዘጠኝም ሁለት በርቢ አሥራ ስምንት ሆኑ። ተቆጣጣሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም እፎይ አለች፤ ምስኪን።

ያኔ "ጭምቷ" የሚሏት፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ያልተሰማ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እኔ ፈተናው ላይ ሰባት ብዬ ነበር። ኤክስ አድርገውብኛል።"

መምህርቷ ዞር ብላ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን x = 7 አየች። ጉድ የሆኑት እነዚያ ግማሾቹ ናቸው ወይስ እሷ? ሳምንቱን ሙሉ ስትቆጣቸው የከረመችው ልክ የሠሩትን ልጆች ነው። "በኋላ እናየዋለን" የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የተቆጣጣሪው እስክሪብቶ መጻፍ ጀምሯል፤ ምን እንደሚጽፍ መገመት አያቅታትም። ልጅቷ ግን እጇን አላወረደችም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እርስዎ ካሉ፣ እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ።"

መምህርቷ ጠመኔውን አስቀመጠች። "ሰባት ብላችሁ ኤክስ የተደረገባችሁ፣ እጃችሁን አውጡ።"

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ እጆቹ ተራ በተራ ወጡ። እሷም ከኋላ ያሉት ሰውዬ አንዱም እንዳያመልጣቸው ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች።