የበሩ ካሜራ

እናቴን እወዳታለሁ። ቪዲዮ ስቆርጥ አጠገቤ ስትቀመጥ ግን አልወዳትም። የሰው ሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ እስከ ዛሬ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አላበሳጨችኝም።

ነገሩ ቀላል ነበር። አባዬ ሰማንያ ሲሞላው ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። አንዱን ካሜራ በሩ ላይ ተከልኩ፣ ሌላውን ይዤ ዞርኩ፤ ለንግግሩ ብዬ የአባዬ ኮሌታ ላይ ትንሽ ማይክ ሰካሁ። የሰባት ሰዓት ተኩል ቪዲዮ ወጣው። እማዬ "አሥር ደቂቃ አድርግልኝ፣ አባትህ ከዚያ በላይ አይቀመጥም" አለች።

አደረግኩላት! አጎቴ ሲጨፍር ሱሪው የተተረተረበት አለ፣ አክስቴ ሻርፗን በሻማው ልታቃጥል የደረሰችበት አለ። እኔ ራሴ ስንቴ አይቼው ስንቴ ሳቅኩ።

እማዬ አይታ "ጥሩ ነው" አለች። እናቴ "ጥሩ ነው" ካለች ጉድ ፈላ ማለት ነው።

"በሩ ላይ ያነሳኸውስ የት ሄደ?"

"የቱ?"

"ሲገቡ 'እኔ እከሌ ነኝ፣ የእከሊት ልጅ' የሚሉት ነዋ።"

እሱንማ መጀመሪያ ቀን ነው የጣልኩት። ሰው ጃኬቱን እያወለቀ ስሙን ሲናገር ማን ቁጭ ብሎ ያያል? ያን ዕለትም ገርሞኝ ነበር። የገዛ የልጅ ልጁ ሳትቀር ቀጥ ብላ ቆማ "አባባ፣ እኔ የትልቋ ልጅህ ልጅ ነኝ" ትላለች፣ ፍርድ ቤት የቀረበች ይመስል። ማን እንዲህ በሉ እንዳላቸው ስጠይቅ እማዬ ሆና ተገኘች። ለምን ብላት "ወግ ነው" አለችኝ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ወግ ኖሮ አያውቅም።

"እማዬ፣ እነዚህ እኮ ያሰለቻሉ።"

"ያሰልቹ። ሁሉንም አስገባ፣ ፊታቸው በደንብ ይታይ። ጭፈራውን ቀንስ።"

"የአጎቴን ሱሪም?"

"አጎትህን ሱሪው ሳይቀደድ አሳየው። እኔን ደግሞ ከሁሉም አውጣኝ።"

ግራ ገባኝ። ደንበኛ ሁሉ "እኔን አብዛልኝ" እያለ ነው የሚለምነኝ። እሷ ደግሞ እያንዳንዱ የበር ምስል ላይ አባዬን ክርኑን ይዛ ቆማለች፣ አፏም ይንቀሳቀሳል። እየተነጫነጭኩ ምስሉን እያጎላሁ ከጠርዙ አስወጣኋት። አባዬን እህቴ ጋ ትታው ነበርና ሰዓቷን አይታ ቶሎ ወጣች።

የበሩ ድምፅ ግን የማይሆን ነው፤ አርባ ሰው ባንዴ ይንጫጫል። የኮሌታው ማይክ ትዝ አለኝ። ከንግግሩ በቀር ድምፁን አጥፍቼው ነበር። ከፈትኩት፣ ከምስሉ ጋር አገጣጠምኩትና ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ።

የእማዬ ሹክሹክታ ነው። "ታናሽ ወንድምህ ነው፤ አናጺው።"

አባዬ ጮክ ብሎ "አንተ አናጺ! መጣህ?" አለ።

"እህትህ ናት። ባሏ አምና ሞቷል፣ የት አለ ብለህ እንዳትጠይቃት።"

አባዬ አልጠየቀም። እኔ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና ሰማሁት። በየእሁዱ እነሱ ጋ እሄዳለሁ፤ "እንዴት ነህ የኔ ልጅ?" ይለኛል፤ ለካ ሁሉንም ሰው የኔ ልጅ ነው የሚለው።

ሰው ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ በሩ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ያ ካሜራ የሚያነሳው ልጅ ጨዋ ነው" አለ አባዬ። "እስካሁን እንደቆመ ነው። የማን ልጅ ነው?"

እማዬ "የእኛ ነው" አለችው። "ሦስተኛው።"

"እውነትሽን ነው?" አለ። በጣም ደስ አለው፣ እግዜር ያሳያችሁ። እኔ ማዳመጫውን አውልቄ አለቀስኩ።

ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የበሩን ሁሉ መለስኩ፤ በየሰዉ አራት፣ አምስት ሰከንድ፣ ፊታቸው ፊት ለፊት። ጭፈራውን ያለርህራሄ ቆረጥኩ። ሲያልቅ አየሁት፣ እኔ የለሁም። ሰባት ሰዓት ተኩሉን ሁሉ ብፈልግ አንድም ቦታ የለሁም። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩና ፊቱ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ እኔ ሦስተኛ ልጅህ ነኝ። ቪዲዮ የማነሳው።" ድምፄ እየተቆራረጠ አምስቴ ደጋገምኩት።

በማግስቱ እማዬ መጥታ አየች። የኔ ምስል ሲመጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምን እንደሰማሁ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ካሜራውን ወደ እሷ አዞርኩት።

"አንቺም ተናገሪ፣ እማዬ።"

"እኔን ያውቀኛል!" ብላ ተቆጣች። "ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ! ምን ነካህ አንተ?"

ካሜራውን ከፊቷ አላነሳሁትም። መስኮቱን ብዙ አየች፣ ከዚያ ሻርፗን አስተካከለች።

"ስንት ሰከንድ አለኝ?" አለች።